ለአባቴ ሙት ዓመት ምን ብዬ ልጻፍ?

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አባቴ ያረፈው አምና ጥር 14 ቀን 2016 ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሩ አልደረስኩም። ዘንድሮ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አድርጌ ይሄን ልጽፍ አሰብኩ፦ «ውድ አባቴ፣ ጀግናዬ፣ የሕይወቴ ምሰሶ። ከተለየኸን እነሆ አንድ ዓመት ሆነ። ሳላለቅስ የዋልኩበት አንድም ቀን የለም። ልቤ ተሰብሯል። ለሰው ኖረህ ለሰው ያለፍክ ደግ አባት ነበርክ። ይቅር በለኝ አባቴ፣ አፈር ሳላለብስህ ቀረሁ። አንተን የሚተካ የለም። ሁሌም በልቤ ትኖራለህ። ነፍስህን በአፀደ ገነት ያኑርልን።» አዲስ አበባ ላለችው ታናሽ እህቴ አስቀድሜ ላክሁላት። «ለላይክ ነው የምትጽፊው? ያስታመምነው እኛ ነን» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። የጻፍኩት እውነቴን ነው። ግን መልሼ ሳነበው እኔንም የሆነ ነገር ደበረኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ዝምተኛ ሰው። ዩኒፎርሜን እንኳን እንዳድግበት ብሎ ታቹን ሦስት ቦታ አጥፎ ነበር የሚሰፋልኝ። በየዓመቱ አንዱን እጥፋት ሲፈታው አዲሱ ጨርቅ ደምቆ ስለሚታይ ልጆች ይስቁብኝ ነበር። ይሄ ሰው እንዲህ አደባባይ ሲወጣ ደስ የሚለው አይመስለኝም። ልተወው? ወይስ እንዴት ልጻፈው?

ከአሌክሳንድሪያ

*

ነፍሳቸውን ይማርልን፣ እህቴ።

ከእህትሽ ቃል ልጀምር፣ እሱ ነው ሌሊቱን ያሳደረሽ። «ለላይክ ነው» ያለችው ሐዘንሽን ተጠራጥራ አይመስለኝም። ያነበበችው ጽሑፍ ውስጥ አባቷን ፈልጋ ስላጣችው ነው የሚመስለኝ። እኔም ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጥሽው ውስጥ አባትሽን አላገኘኋቸውም። ከታች፣ «ዩኒፎርሜን እንኳን» ብለሽ እግረ መንገድሽን የጣልሽው ውስጥ ግን አገኘኋቸው። መልሴ በሙሉ ከዚያች ከታጠፈች ቀሚስ አይርቅም።

በሰው ፊት ማዘን ግን ነውር እንዳይመስልሽ። እኛ ሐዘንን በር ዘግተን የምንይዝ ሰዎች አይደለንም። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ እድርተኛው ተጠራርቶ ይመጣል። የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ የሚዞር ሰው አለ። ኮፍያውን፣ ካፖርቱን፣ ጋቢውን ይዞ የሚያለቅስም አለ። ድሮ ደግሞ የጀግና ለቅሶ ላይ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ወጥቶ ለሰው ይታይ ነበር። ፎቶ አውጥቶ ከሥሩ ቃል ማስፈር ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። አባትሽ ዝምተኛ መሆናቸውም አይከለክልሽም። ዝምተኛ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ ዝም አይባልም።

እስቲ የአልቃሿን ሥራ አስቢው። ጥሩ አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ታጣራለች። ሟቹ የማን ልጅ ነው? ሥራው ምን ነበር? ማንን አሳደገ? ምን ሳይጨርስ ቀረ? ከዚያ ነው ሙሾውን የምታወርደው። ያን የሰማውን ሰው እንባ የሚያመጣው «ደግ ነበር» የሚለው አይደለም። ደግ ያልተባለ ሟች አይተሽ ታውቂያለሽ? እንባውን የሚያመጣው ስለዚያ ሰው ብቻ የሚባል ነገር ሲነሳ ነው። በሬዎቹን በስማቸው ትጠራቸዋለች፣ ወይ ደጁ ላይ የሚቀመጥባትን ድንጋይ ታነሳለች። አልቃሿ ራሷ ምን ያህል እንዳዘነች ስትናገር ብትውል ለቀስተኛው ይቀዘቅዛል። ሁሉም ሰው ወደ ሟቹ ማየት ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ እንምጣ። አንድ በአንድ አብረን እንየው።

«ጀግናዬ፣ የሕይወቴ ምሰሶ።» የአባትሽን ፎቶ በእጅሽ ሸፍኚና እነዚህን ቃላት የጎረቤትሽ አባት ሥር አድርጊያቸው። እዚያም ይሠራሉ። «አንተን የሚተካ የለም» እና «ሁሌም በልቤ ትኖራለህ»ም እንደዚያው። ውሸት ናቸው እያልኩሽ አይደለም። ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ስላላቸው ዓይን ሳይቆም ያልፋቸዋል። አንቺንም «የሆነ ነገር» ሆኖ የደበረሽ እሱ ይመስለኛል። ሐዘንሽ ያንቺ ነው፣ ቃሉ ግን የሰው ነው። እነዚህን ሦስቱን አውጫቸው።

«ሳላለቅስ የዋልኩበት አንድም ቀን የለም። ልቤ ተሰብሯል።» ይሄ ስለ አንቺ ነው። እህትሽን የነካትም ይሄ ነው ብዬ እገምታለሁ። እሷ ስታስታምም ቆይታለች፣ ታጥባለች፣ መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጣለች፣ ሌሊት ትነሳለች። እንባ መቁጠር ከተጀመረ እሷም የምትቆጥረው አላት። ሐዘንን መጠን አውጥተሽ ባደባባይ ስታስቀምጪው፣ ሳትፈልጊ ከሌሎቹ ልጆች ሐዘን ጋር ጎን ለጎን ታስቀምጭዋለሽ። ይሄም ይውጣ። ለቅሶሽን ሰው እንዲያውቀው ከፈለግሽ፣ ለሚቀርብሽ ሰው ደውለሽ አልቅሺ።

«ለሰው ኖረህ ለሰው ያለፍክ ደግ አባት።» እዚህ ላይ ልጠይቅሽ። ለማን? ምን አደረጉ? ዩኒፎርም በነፃ የሰፉለት የጎረቤት ልጅ ነበር? ለፋሲካ ሥራ በዝቶ ሌሊት ሲሰፉ ያድሩ ነበር? ካወቅሽ እሱን ጻፊው። ደግነታቸውን አንባቢው ራሱ ይናገራል። ካላወቅሽ እህትሽን ጠይቂያት። እሷ ጋ የሚኖር ታሪክ አለ፣ ስትጠየቅም ደስ ይላታል። ይሄን የምልሽ ለማስታረቅ ብዬ ብቻ አይደለም። አባትሽን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያየቻቸው እሷ ናት፣ ያንቺ ትዝታ ከሄድሽበት ቀን በኋላ በስልክ ድምፅ ነው የተሞላው።

«ይቅር በለኝ አባቴ፣ አፈር ሳላለብስህ ቀረሁ።» እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየሁ። ከጽሑፉ ሁሉ የሚያመው መስመር ይሄ ነው፣ እውነትነቱም ይሰማል። ቀብር ያልደረሰ ሰው እርሙን አላወጣም፣ ያን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ባደባባይ «ይቅር በለኝ» ስትዪ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ አንቺ ይዞራል። «አይዞሽ»፣ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ወረቀት ነው»፣ «አባትሽ ይረዱሻል» ይልሻል። ሃምሳ ሰው ሊያጽናናሽ ይሰለፋል፣ አባትሽም ፎቶው ውስጥ ብቻቸውን ይቀራሉ። ያ ይቅርታ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ይገባዋል። ወረቀትሽ ያለቀ ቀን ከአውሮፕላን ወርደሽ መቃብራቸው ላይ ትይዋለሽ። እስከዚያ ለእናትሽ በስልክ በይላት። በጽሑፉ ውስጥ ግን ሦስት ቃል ይበቃል፦ «እኔ ሩቅ ነበርኩ።» የገባው ይገባዋል። ሩቅ አገር ሆኖ መርዶ የተረዳ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ቀኑና ነፍስ ይማር። ቦታው ባዶ ሆነ ማለት ነው፣ አሁን ዩኒፎርሙ ይግባበት።

ያን ነገር ስትጽፊልኝ ምን እንደጻፍሽ ያወቅሽ አይመስለኝም። ሰፊ ቤት ገብተሽ ከሆነ ታውቂያለሽ፣ ሰፊ ለእድገት ብሎ ጨርቅ ሲያስተርፍ የሚያጥፈው ወደ ውስጥ ነው። ውጪ ያለው ጨርቅ ፀሐይና ሳሙና ሲበላው፣ የታጠፈው ግን አዲስ እንደሆነ ይቆያል። ሲፈታ ታች ላይ ደማቅ ቀለበት ይወጣል። ልጆቹ የሳቁበት እሱ ነው። አባትሽ ግን ያን እጥፋት ሲያጥፉ የሦስት ዓመት ቁመትሽን አስቀድመው አይተውታል። «እወድሻለሁ» ያላሉሽ ዝምተኛ ሰው፣ ታድጊያለሽ ብለው ጨርቅ ውስጥ ሰፍተውልሻል። እኔ ይሄን ልበል እንጂ አንቺ አትበይው። የሆነውን ብቻ ንገሪን። ትርጓሜውን ስትጨምሪበት ይደክማል።

እንዲህ ቢሆንስ፦

«አባዬ ዩኒፎርሜን ሲሰፋልኝ፣ እንዳድግበት ብሎ ታቹን ሦስት ቦታ ያጥፈው ነበር። መስከረም ሲጠባ አንዱን እጥፋት ይፈታዋል። የተፈታው ጨርቅ ከሌላው ደመቅ ብሎ ይታያል። ልጆች ይስቁብኝ ነበር፣ እኔም አፍርበት ነበር። ዛሬ ጥር 14፣ አባዬ ካረፈ ዓመት ሆነው። እኔ ሩቅ ነበርኩ። ነፍስህን በአፀደ ገነት ያኑርልን፣ አባዬ።»

ቁጠሪው፣ ካንቺው ብዙም አይበልጥም። «ልቤ ተሰብሯል» የሚል ቃል የለበትም፣ ግን የሚያነበው ሰው የልብሽን ሁኔታ አይስተውም። «አፍርበት ነበር» የሚለውን አታውጪው። መቼም ለሙት ዓመት ስንጽፍ ራሳችንን ጥሩ ልጅ አድርገን መሳል ይቀናናል። ያፈርሽበትን ስትናገሪ ነው ሰው የሚያምንሽ። በነገራችን ላይ፣ ትዝታ ፈልገው ላጡ ሌሎች አንባቢዎችም ይሄን እላለሁ፦ የሚያኮራችሁን ከምትፈልጉ፣ ልጅ እያላችሁ በአባታችሁ ወይም በእናታችሁ ያፈራችሁበትን ወይም የተናደዳችሁበትን ነገር አስቡ። መብራት እያጠፋ የሚዞር አባት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የተቆለፈውን ቡፌ ከፍታ ብርጭቆ የምታወጣ እናት። እውነተኛው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው። አባቱ ክፉ ሆኖበት ያደገ ሰው ደግሞ «ጀግናዬ» ብሎ መዋሸት የለበትም። አንድ እውነተኛ ነገር ጽፎ ነፍስ ይማር ማለት ይችላል፣ ያም ካልሆነለት ቀኑን በዝምታ ማሳለፍ ይችላል።

ስለ «አንተ» እና «እርስዎ» ደግሞ። አንዳንድ ሰው በሕይወት እያለ «አባዬ፣ ና ብላ» ሲለው የኖረውን አባት፣ ሙት ዓመቱ ላይ «እርስዎ ውድ አባቴ» ይለዋል። ያኔ ጽሑፉ ለሰው እንደተጻፈ ያስታውቃል። ቤት ውስጥ በምትጠሪያቸው ስም ጥሪያቸው። አንቱ ስትይ ካደግሽ አንቱ፣ አንተ ካልሽ አንተ። እኔ አንቱ የምለው አባትነታቸው ያንቺ ስለሆነ ነው። ከላይ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ለኛ እያወራሽ ቆይተሽ መጨረሻ ላይ ወደ እሱ ዞር ትያለሽ። አታስተካክይው። ለቅሶ ላይም እንደዚያ ነው፣ ስለ ሟቹ ለሰው ሲነገር ተቆይቶ ድንገት ሟቹ ራሱ ይጠራል። አንዴ ብቻ ይሁን እንጂ፣ ወዲያና ወዲህ ከተባለ ሰው ይደናገራል።

መዝጊያውን በተመለከተ፣ አባትሽ አሜን የሚሉበትን ቃል ምረጪ። «በአፀደ ገነት» ብለሽ ስለጻፍሽ ኦርቶዶክስ ናቸው ብዬ ነው የተውኩት። ሙስሊም አባት ቢሆን «አላህ ይዘንለት፣ ጀነት ይስጠው» ይባላል። ጴንጤ አባት ደግሞ «ነፍስ ይማር» መባሉን ላይወድ ይችላል፣ ወደ ጌታው ሄዷል ነው የሚባለው። የልጁ እምነት ከአባቱ የተለየ ከሆነም የሚከበረው የሟቹ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስም የምትሰጪ ከሆነ ግን ካህናቱ የሚጠሩት በክርስትና ስም ነው። እናትሽን ጠይቀሽ ያዢው፣ ካፕሽኑ ላይ መጻፍ የለበትም።

ቀኑ ላይ እንዳትሳሳቺ። አንቺ ያለሽበት አገር በፈረንጅ ቀን ስለሚኖር ስልክሽ በፈረንጅ ነው የሚያስታውስሽ። አባትሽ ያረፉት ጥር 14 ቀን 2016 ነው ብለሻል። ያ ጃንዋሪ 23 ቀን 2024 ላይ ዋለ፣ ምክንያቱም 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ገባ። የዘንድሮው ጥር 14 ግን ጃንዋሪ 22 ነው። ፌስቡክ ወይም ስልክሽ «ዛሬ ነው» ብሎ ሲነግርሽ አዲስ አበባ ቀኑ አልፏል። ሰዓቱም አለ፦ በዚህ ወቅት ቨርጂኒያ ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እናትሽ ጥር 14 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አድርገው ሲወጡ፣ አንቺ ጋ ጃንዋሪ 21 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከእነሱ ጋር እኩል መዋል ከፈለግሽ ያን ምሽት ነው የምታወጪው። እኔ ብሆን ፍትሐቱም ተዝካሩም እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ተዝካሩ ላይ ለመጣው ሰው ዳቦ ተቆርሶ እያለ ስልካቸው ቢጮህ ጥሩ አይደለም። ስልክ የያዘ የወንድም ልጅ አይጠፋም፣ ድንገት ያሳያቸዋል።

ፎቶውን ከጽሑፉ እኩል አስቢበት። የራሴን ልንገርሽ። እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት የመጨረሻውን ፎቶዋን ለጠፍኩ። አልጋ ላይ ናት፣ እጄን ይዛኛለች፣ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወርዷል። እኔ ያየሁት እጃችንን ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደወለች። አልተቆጣችም። «እህቴ እኮ ራሷን ሳትሸፍን ደጅ ወጥታ አታውቅም» አለችና ዝም አለች። ያን ዝምታ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ፎቶውን አነሳሁት፣ ግን ያየው ሰው አይቶታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ እሷ ራሷ ከአልበሙ ብታወጣ የትኛውን ታወጣ ነበር?

ለአባትሽም እንደዚያ አድርጊ። አልጋ ላይ ያሉበትን፣ ሬሳ ሳጥኑን፣ ሐውልቱ ላይ የተለቀሰበትን ወይም እናትሽ በጥቁር ያሉበትን ተይ። ሙት ዓመት እናትሽ ጥቁር የሚያወልቁበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ያ የሳቸው ነው። ደመናና ሻማ፣ ክንፍና ርግብ እየጨመረ የሚያቀናብር አፕ አለ፣ እሱን አትጠቀሚ፣ የአባትሽን ፊት ይሸፍነዋል። ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ያሉበት፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለበት ፎቶ ካለ ከሱ የሚበልጥ የለም። ከሌለም ለመታወቂያ የተነሱት ይበቃል። አሮጌ ፎቶ ከሆነ እህትሽ ከአልበሙ ፕላስቲክ ታውጣውና ቀን ቀን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣ ፍላሽ ሳታበራ፣ ከላይ ታንሳው። ፕላስቲኩ ሳይወጣ ከተነሳ ብርሃን ግንባራቸው ላይ ያንፀባርቃል፣ ሰው ሁሉ ሳያውቅ የሚያበላሸው እሱ ነው።

ሌላ ሰው ያለበት ፎቶ ከሆነ የሱን ፈቃድ ጠይቂ። የዘመድ ስም ደርድሮ ታግ ማድረግንም አልወድም። ያልታገ ይቀየማል፣ የታገ ደግሞ ሳይዘጋጅ ሥራ ቦታው ላይ አባትሽን ያገኛቸዋል።

ካወጣሽ በኋላ በትክክል መጻፍሽን የምታውቂበት መንገድ አለ። ሰው የሚጽፍልሽን እይው። «አይዞሽ፣ ጠንካራ ነሽ፣ ፈጣሪ ያበርታሽ» ብቻ ከበዛ፣ ጽሑፉ ወደ አንቺ አጋድሏል ማለት ነው። «የኔንም የሠርግ ሱሪ የሰፉት እሳቸው ናቸው»፣ «ክንዴን ሲለኩ ይኮረኩሩኝ ነበር» የሚል አንድ ሰው ከመጣ፣ አባትሽ ድንኳኑ ውስጥ ገብተዋል። እነዚያን ቃላት ደብተር ላይ ገልብጪያቸው። ሰው አካውንቱን ይዘጋል፣ አስተያየቱ ይጠፋል፣ የአባትሽን ታሪክ የያዘ ሌላ ቦታ ግን የለም። ለነፍስ ይማሩ ሁሉ መልስ መስጠት ግዴታ የለብሽም። አንድ «አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይበቃል። ለታላላቆች ግን ደውዪ። አንዴ ካወጣሽው በኋላ ስልኩን ጓዳ አስቀምጪውና ሽሮ ሥሪ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ስንት ሰው እንዳየው ማየት ከጀመርሽ ቀኑ ካንቺና ከአባትሽ እጅ ይወጣል።

«ልተወው?» ላልሽኝ፣ ብትተዪውም አባትሽ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። እኔ ግን ጻፊው ነው የምልሽ፣ ያ ዩኒፎርም ለኔ ከደረሰ ለሰፈራችሁ ሰውም መድረስ አለበት። ዓይንሽ ፈርቶ ከሆነ ፌስቡኩን አቆዪና መጀመሪያ የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ብቻ አድርጊው። እዚያ ከበቃሽ በዚያው ይቅር። የከርሞውን ደግሞ ዛሬ አትጨርሺው። ለዘንድሮ እጥፋቱ ይበቃል። የሳሙናዋ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስታሰምር፣ ሬዲዮናቸው፣ ምሳ ሰዓታቸው፣ እነዚያ ለሌላ ዓመት ይቀመጡ።

አሁን እህትሽ ጋ ደውዪ። ጽሑፉን አትላኪላት፣ ራስሽ አንብቢላት። «አስታመምሽው፣ እኔ አልነበርኩም» ብለሽ በራስሽ አፍ ንገሪያት። ይሄን ካፕሽኑ ላይ አትጻፊው፣ ለሷ ብቻ የሚባል ነው። ከዚያ ስለ ዩኒፎርሙ ጠይቂያት፣ ታናሽ ስለሆነች ምናልባት ያንቺኑ ተፈትቶ የተጠበበውን ለብሳ ሊሆን ይችላል። ለእናትሽም አንብቢላቸው። እናትሽ «ሦስት ሳይሆን ሁለት ቦታ ነበር የሚያጥፈው» ካሉሽ፣ ሁለት ብለሽ አስተካክይው።